ኮሚሽን ያለው ሊንክና ስፖንሰር ያለው ጽሑፍ፦ ለአንባቢ እንዴት ይነገር? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያና ከላሊበላ ሆነው ስለ ጉዞና ስለ ማደሪያ የሚጽፉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች፤ ከቀላሉ ወደ አስቸጋሪው።

አፊሊየት ሊንክ ምንድን ነው? ከስፖንሰር ጽሑፍስ በምን ይለያል?

አፊሊየት ሊንክ የእርስዎ መለያ ቁጥር የተጣበቀበት የሽያጭ አድራሻ ነው። አንባቢው እሱን ነክቶ ገብቶ ክፍል ቢይዝ ወይም ዕቃ ቢገዛ፣ ሻጩ ድርጅት ገዢው በማን በኩል እንደመጣ ከቁጥሩ ያውቅና ለእርስዎ ኮሚሽን ይቆርጣል። ቁጥሩ አድራሻው ጅራት ላይ ይታያል፤ በአማዞን `tag=`፣ በቡኪንግ `aid=` ከሚለው ቀጥሎ ያለው ነው። ሰው ካልገዛ ሳንቲም የለም።

ስፖንሰር ያለው ጽሑፍ ላይ ክፍያው የሚመጣው ስለጻፉ ነው፤ አንባቢው ገዛም አልገዛም የእርስዎ ድርሻ አይነካም። ክፍያው የግድ ጥሬ ብር መሆን የለበትም። የነጻ አልጋ፣ እስከ ላሊበላ ያደረሰ መኪና፣ በስጦታ የመጣ ጋቢ ሁሉም ክፍያ ነው። አንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱም ሊኖሩ ይችላሉ፤ ያኔ አንዱን ተናግሮ ሌላውን መተው አንዱንም እንዳልተናገሩ ያስቆጥራል።

አንባቢዬ አንድ ብር እንኳ ካልተጨመረበት ለምን እናገራለሁ?

ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ግመል የሚያሻሽጥ ደላላን ስለ ደላላነቱ የሚቀየመው የለም። ሥራው የታወቀ ነው። «ይህቺ ግመል ወተቷ አያልቅም» ሲል ገዢው ይሰማዋል፣ ከንግግሩ የደላላነቱን ያህል ይቀንሳል፣ የቀረውን ያምናል። ነገሩ የሚበላሸው አብሮ አደግ ጎረቤት መስሎ ከገዢው ጎን የቆመው ሰው ለካ ከሻጩ ጋር ተነጋግሮ የመጣ እንደሆነ ነው። የሰጠው ምክር እውነት ሊሆን ይችላል። ገዢው ግን ከምክሩ ምን ያህል መቀነስ እንዳለበት የሚያውቅበትን ዕድል ተነጥቋል። ሲደርስበት ደግሞ የሚያጣው በዚያች ግመል ላይ ያለውን እምነት ብቻ አይደለም፤ ያ ሰው ከዚህ በፊት የመከረውን ሁሉ ወደ ኋላ ሄዶ ይመረምራል። ሳይነገር የቀረ ኮሚሽንም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ አንዱ ሲታወቅ ምንም ያልተከፈለባቸው ጽሑፎችም አብረው ይጠረጠራሉ።

«አንድ ብር አይጨመርበትም» የሚለው ራሱ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። አንድ የላሊበላ እንግዳ ማረፊያ በሌሊት 5,000 ብር ያስከፍላል እንበል፤ አንባቢው ሦስት ሌሊት ቢይዝ 15,000 ብር ነው። የቦታ ማስያዣ ድረ ገጹ ከማረፊያው 15 በመቶ ቢወስድ 2,250 ብር ይሆናል፤ ከዚያ ሢሶውን ለጸሐፊው ቢያካፍል 750 ብር ለእርስዎ ይደርሳል። በሊንኩ የገባም ራሱ ድረ ገጹን ፈልጎ የገባም እኩል ይከፍላሉ፤ እስከዚህ እውነት ነው። ነገር ግን አንባቢው በቀጥታ ለማረፊያው ስልክ ቢደውል ባለቤቱ 2,250 ብሩን ለድረ ገጹ አይከፍልም፤ ከዚያ ላይ ቀንሶ ሊያስተናግደው ይችላል። ስለዚህ «ለእርስዎ ምንም አይጨምርም» ብሎ በጅምላ ከመጻፍ «በሊንካችን ቢገቡም ባይገቡም በድረ ገጹ የሚከፍሉት አንድ ነው፤ በቀጥታ ለማረፊያው ቢደውሉ ግን ሊቀንስልዎ ይችላል» ማለት ይሻላል። 750 ብሩ አንዳንዴ ያመልጥዎታል፤ ያ አንባቢ ግን በሚቀጥለው ዓመትም እርስዎን ሳይጠይቅ አይሄድም።

መግለጫው የት ቦታ ይቀመጥ?

ከመጀመሪያው ሊንክ በፊት፣ ሰው ሳይፈልገው ዓይኑ ውስጥ የሚገባበት ቦታ። አብዛኛው አንባቢ የሚያነበው በስልክ ስለሆነ ኮምፒውተር ላይ ያማረውን አቀማመጥ አይመኑት። ኮምፒውተር ላይ በስተቀኝ ዓምድ ጎልቶ የሚታይ መግለጫ፣ ስልክ ላይ ሲከፈት ብዙውን ጊዜ ወደ ገጹ ታች ይወርዳል፤ ከአስተያየቶቹ በኋላ ያርፋል። ርዕሱን ተከትሎ ትልቅ ፎቶ ካለም ከፎቶው በላይ ወይም በመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ ያድርጉት። ካተሙ በኋላ ስልክዎን አውጥተው ገጹን ይክፈቱ፤ መግለጫውን ሳያነቡ ሊንኩን መንካት የሚቻል ከሆነ ቦታው ትክክል አይደለም።

የማይሠሩትን ቦታዎች ማወቅም ይጠቅማል። «ስለ እኛ» የሚለው ገጽ አይሠራም፤ ማንም ከፍቶት አያውቅም። የጽሑፉ መጨረሻም አይሠራም፤ ሰውየው ሊንኩን ነክቶ ከሄደ ቆይቷል። በደበዘዘ ግራጫ ቀለም የተጻፈ ደቃቅ መስመር ደግሞ ላለመታየት እንደተጻፈ ያስታውቃል።

ከላይ ካለው በተጨማሪ ከእያንዳንዱ ሊንክ አጠገብ አጭር ምልክት ይጨምሩ። ምክንያቱ ቴሌግራም ነው። ሰዎች ከጽሑፍዎ መሃል አንድ አንቀጽ ከነሊንኩ ቆርጠው ለዘመዶቻቸው ይልካሉ፤ የላይኛው መግለጫ ከዚያ ጋር አይሄድም። «(ኮሚሽን እናገኛለን)» የሚል ሁለት ቃል ከሊንኩ ጎን ካለ ግን አብሮ ይቀዳል።

በምን ቃል ልጻፈው?

ዓረፍተ ነገሩ ሁለት ነገር ይናገር፦ ማን እንደሚከፍልዎና ለምን እንደሚከፍልዎ። ለምሳሌ፦

«በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉትን የማደሪያ ሊንኮች ነክተው ክፍል ከያዙ፣ የቦታ ማስያዣ ድረ ገጹ ለእኛ ኮሚሽን ይከፍለናል።»

በቃ። «ይህ ገጽ አፊሊየት ሊንኮችን ሊይዝ ይችላል» የሚለው በሁለት በኩል ይወድቃል። አንደኛ «ሊይዝ ይችላል» ምን ማለት ነው? መያዙን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ሁለተኛ አፊሊየት የሚለውን ቃል ሥራው ያልሆነ ሰው አያውቀውም፤ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እንኳ ለእንግሊዝኛ አንባቢ ይህ ቃል ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ይገልጻል። «ኮሚሽን» የሚለውን ቃል ግን ከደሴ ፒያሳ እስከ ባቲ ማንም ያውቀዋል። «ከእገሌ ሆቴል ጋር በመተባበር»፣ «እገሌ ሆቴልን እናመሰግናለን»፣ «አምባሳደር» የሚሉትም ጨዋነት ናቸው እንጂ መግለጫ አይደሉም፤ ብር መቀበልዎን አይናገሩም።

ጽሑፉ በአማርኛ ከሆነ መግለጫውም በአማርኛ ይሁን። ይህ በተለይ የአማዞን ሊንክ የሚጠቀሙትን ይመለከታል። አማዞን ተባባሪዎቹ የሚከተለውን ወይም ተመሳሳይ ቃል ገጻቸው ላይ እንዲያደርጉ ያስገድዳል፦

```
As an Amazon Associate I earn from qualifying purchases.
```

ይህን ይለጥፉት፤ ግዴታዎ ነው። ነገር ግን አማርኛ ብቻ ለሚያነብ ሰው ይህ ምንም አልነገረውም፤ ከሱ በላይ የአማርኛው ይቅደም።

ከነሙሉ ምሳሌው ብታሳዩንስ?

አንድ የደሴ ጸሐፊ «ለገና ላሊበላ ለሚሄዱ አምስት ማደሪያዎች» የሚል ጽሑፍ አዘጋጅቷል እንበል። ለገና በዓል ላሊበላ ላይ አልጋ ቀድሞ ያልቃል፣ ዋጋውም ይንራል፤ ስለዚህ አንባቢው፣ በተለይ ከውጭ አገር የሚመጣው፣ ክፍሉን በዓይኑ ሳያይ ብሩን አስቀድሞ ይከፍላል። የሚተማመነው በጽሑፉ ብቻ ነው። ከአምስቱ ሦስቱ ኮሚሽን ያለው ሊንክ አላቸው። አራተኛው ጸሐፊውን ሁለት ሌሊት በነጻ አሳድሮታል። አምስተኛው ድረ ገጽ ላይ የሌለ ቤት ነው፤ ስልክ ቁጥር ብቻ።

ከርዕሱ ሥር የሚገባው መግለጫ እንዲህ ይሆናል፦ «ከታች ካሉት ሦስቱ ሊንኮች ክፍል ሲይዙ ኮሚሽን እናገኛለን። በአራተኛው ማደሪያ ሁለት ሌሊት ያደርነው በነጻ፣ በባለቤቱ ግብዣ ነው። ከአምስተኛው የምናገኘው ምንም የለም።» ሦስቱ ሊንኮች እያንዳንዳቸው አጠገባቸው ምልክት አላቸው። የአራተኛው አንቀጽ ደግሞ ስለ አልጋው ምቾት ከማውራቱ በፊት ግብዣውን ይደግመዋል፦ «ግብዣው የመጣው ከባለቤቱ ስለሆነ መምጣታችንን ያውቁ ነበር፤ ለእርስዎም ያው መስተንግዶ ይኑር አይኑር ማረጋገጥ አልቻልንም።» ይህቺ ዓረፍተ ነገር ከጠቅላላ መግለጫው የበለጠ ዋጋ አላት። አንባቢው ከሚያነበው ላይ ምን ያህል መቀነስ እንዳለበት በትክክል የምትነግረው እሷ ናት።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያልፉት ነገር አለ፦ ቅደም ተከተሉ። ስልክ ብቻ ያለው ቤት አምስተኛ የሆነው ለምንድን ነው? በንጽሕና ወይም ከቤተ ክርስቲያኖቹ ባለው ርቀት ወደ ኋላ ቀርቶ ከሆነ ደህና፤ ምክንያቱን ይጻፉ። ኮሚሽን ስለሌለው ከሆነ ግን መግለጫው አያድንዎትም። ቀላል ፈተና አለ፤ ሊንኮቹን ሁሉ አንሥተው ዝርዝሩን እንደገና ያንብቡ። ያለ ኮሚሽን የማያስቀድሙትን ቤት አንደኛ አድርገውት ከሆነ ደረጃውን ያስተካክሉ።

ብር አልሰጡኝም፤ ቡና ጋብዘው ሁለት ሌሊት ብቻ ነው ያሳደሩኝ። ይህም ይነገራል?

አልጋው ይነገራል። ቡናው አይነገርም፤ ወሎ ላይ አቦል ሳይጠጣ የሚወጣ እንግዳ ስለሌለ ማንም አንባቢ ያንን እንደ ክፍያ አይቆጥረውም። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፦ አንባቢው ይህን ቢያውቅ ኖሮ ምክሬን በሌላ ጆሮ ይሰማው ነበር? 5,000 ብር የሚያወጣ አልጋ ለሁለት ሌሊት በነጻ ማግኘት 10,000 ብር መቀበል ማለት ነው። «እንዲጽፍልን አልጠየቅነውም» ማለታቸውም አይለውጠውም፤ ሆቴል ለጸሐፊ አልጋ የሚሰጠው እንዲጻፍለት ነው።

በሊንኩ ኮድ ውስጥ `rel="sponsored"` የሚለውን መለያ አድርጌያለሁ፤ አይበቃም?

አይበቃም፤ እሱ የሚያወራው ከፍለጋ ሞተር ጋር ነው። ጉግል ይህን መለያ ያስተዋወቀው በ2019 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የተከፈለበት ሊንክ የአንድን ገጽ ደረጃ በሐሰት ከፍ እንዳያደርግ ለመለየት ነው። አንባቢው ገጹ ላይ ምንም አያይም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ለጉግል፣ አንዱ ለሰው፦

```html
<a href="https://example.com/hotel?aid=12345" rel="sponsored">ክፍል ይያዙ</a> (ኮሚሽን እናገኛለን)
```

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ስህተት ሊንኩን በአጭር አድራሻ መሸፈን ነው። `aid=` እንዳይታይ ተብሎ የተሸፈነ ሊንክ አንድ ቀን አንድ ሰው ይከፍተዋል፤ ያኔ ከኮሚሽኑ ይልቅ መደበቁ ያስወቅሳል። አድራሻው ስለረዘመ ብቻ ካሳጠሩት ምልክቱን ከጎኑ አይርሱ።

ሕጉስ ምን ይላል? እኔ ያለሁት ኮምቦልቻ ነው።

በአገራችን የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም በሸማች በኩል ሐሰተኛና አሳሳች የንግድ ማስታወቂያን ይከለክላል። ተከፍሎበት ነጻ አስተያየት መስሎ የሚቀርብ ጽሑፍ ራሱን የሚያጋልጠው በዚህ በኩል ነው።

አንባቢዎችዎ አሜሪካ ያሉ የወሎ ልጆች ከሆኑ ደግሞ ሌላም አለ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን መመሪያ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. የታደሰው፣ በጸሐፊውና በሻጩ መካከል ያለ፣ አንባቢው የማይጠብቀውና ምክሩን በሌላ ጆሮ እንዲሰማው የሚያደርግ ጥቅም ላለማየት በሚያስቸግር ሁኔታ እንዲገለጽ ይጠይቃል። መሥሪያ ቤቱ ከአሜሪካ ውጭ ሆነው የሚጽፉትንም ይመለከታል፤ ጽሑፉ የአሜሪካ ሸማቾችን እንደሚነካ መገመት የሚቻል ከሆነ ሕጉ እንደሚሠራ ይገልጻል። ኮምቦልቻ ድረስ መጥቶ የሚከስ ባይኖር እንኳ፣ ኮሚሽን የሚከፍሉት ድርጅቶች ይህንኑ በውላቸው ውስጥ ያስገቡታል፤ ውሉን የጣሰ ሰው አካውንቱ ሊዘጋ፣ የተጠራቀመውም ሊቀር ይችላል።

ስፖንሰሩ «ስፖንሰር አትበል» ቢለኝ? ወይም «ከመውጣቱ በፊት ልየው» ቢል?

የመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፤ አይሆንም። እንዲህ ብለው ሊጽፉለት ይችላሉ፦ «ጋሼ፣ ግብዣዎን በደስታ እቀበላለሁ፤ በነጻ ማደሬን ግን ጽሑፉ መጀመሪያ ላይ እጽፋለሁ። ይህ ካልተመቸዎት ከፍዬ አድራለሁ።» ይህ መልእክት መሄድ ያለበት ሻንጣ ከመሸከፉ በፊት ነው። ሁለት ቀን ከተስተናገዱ በኋላ ይሉኝታው ይከብዳል፤ በእጅ የጎረሱትን እንጀራ እየዋጡ «አይሆንም» ማለት ለማንም ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ ግማሹ ይፈቀዳል። የክፍል ዋጋ፣ ስልክ ቁጥር፣ ጄኔሬተር አለ ወይ የለም፣ መኪና ከአየር ማረፊያው ይቀበላል ወይ የሚሉትን ባለቤቱ አይቶ ቢያርም ጽሑፉ ይሻሻላል። «ጧት ሙቅ ውኃ አልነበረም የሚለውን አውጣው» ካለ ግን ያ እርማት አይደለም። ጉድለቱ ከተስተካከለ ከቀኑ ጋር ይጨምሩ፦ «ባለቤቱ ከዚያ ወዲህ ማሞቂያውን መቀየራቸውን ነግረውናል፤ እኛ አላየነውም።» ይህን እንኳ ካልተቀበለ፣ ወይም ጽሑፉን ራሱ ጽፎ «በስምህ አውጣልኝ» ካለ፣ የሚወጣው ጽሑፍ የእርስዎ አስተያየት አይደለምና ርዕሱ ላይ «ማስታወቂያ» የሚለው ቃል ይቀመጥበት።

እስከ ዛሬ ሳልናገር ያወጣኋቸው ብዙ ጽሑፎች አሉኝ። ምን ላድርግ?

በገጽዎ መፈለጊያ `aid=`፣ `tag=` እና የተጠቀሙባቸውን አጭር አድራሻዎች ፈልገው ዝርዝር ያውጡ። ሁሉንም በአንድ ቀን ለመጨረስ አይሞክሩ፤ ብዙ ሰው ከሚያነበው ይጀምሩ። የላሊበላው ከጥቅምት ጀምሮ መነበቡ ስለማይቀር ከዚያ በፊት ይድረሱለት። የሞቱ ሊንኮችን ሲያገኙ አብረው ያንሷቸው።

መግለጫውን ሲጨምሩ ቀኑን ይጻፉበት፦ «ይህ መግለጫ ጥቅምት 12 ተጨመረ፤ ከዚያ በፊትም ሊንኮቹ ኮሚሽን ነበራቸው።» ሁለተኛዋ ሐረግ ታሳፍራለች፤ ብዙ ሰው መተው ይፈልጋል። ነገር ግን የድሮውን ገጽ ቅጂ የያዘ ሰው ሲያነጻጽር በዝምታ የገባው መግለጫ የመደበቅ ሙከራ ይመስላል። በነጻ አድረው የጻፏቸውን የማያስታውሱ ከሆነ ከሆቴሎቹ ጋር የተጻጻፏቸውን መልእክቶች ይመልከቱ፤ ግብዣው እዚያ ይገኛል።

ምንም ክፍያ የለም፤ ግን እንግዳ ማረፊያው የአክስቴ ልጅ ነው። ይህም ይገለጻል?

ይገለጻል፤ የአሜሪካው መመሪያም ዝምድናን ከገንዘብ ጋር እኩል ያየዋል። እዚህ አገር «እንግዲያው ሁሉም ዘመድ ነው» የሚል መልስ ይመጣል፤ ትንሽ እውነትም አለው። የሩቅ ትውውቅን ሁሉ መዘርዘር አይጠበቅብዎትም። የአክስት ልጅ፣ የሚስት ወንድም፣ አብሮ የነገደ ጓደኛ ግን በእርስዎ ጽሑፍ እንግዳ ቢያገኝ ጥቅሙ ወደ ቤትዎ የሚመለስ ነው፤ ጉድለቱን ለመጻፍም እጅዎ ይከብዳል።

አጻጻፉ ቀላል ነው፦ «ይህ ማረፊያ የአክስቴ ልጅ ነው፤ ለመጻፌ ምንም አልተከፈለኝም። ስለዚህ ከሌሎቹ ጋር ደረጃ አልሰጠሁትም፤ ዋጋውንና አድራሻውን ብቻ እነሆ።» ከሌሎቹ በታች፣ በተለየ አንቀጽ ያስቀምጡት። የአክስት ልጅ ሊቀየም ይችላል፤ ያኔ ለአንባቢዎች ከማስረዳት ይልቅ ለእሱ በቡና ላይ ማስረዳት ይቀልላል።